ሴትአፑ 90 በመቶ ላይ ለምን ይቆማል? ቦታ እያለ «ቦታ የለም» የሚያሰኘው ነገር

አንድ ሰው ፕሮግራም እየጫነ ነው። ፕሮግራሙ ትልቅ ነው፤ የመጫኑን ሂደት የሚያሳየው መስመር ግን ያለ ችግር ሲሞላ ቆይቷል። 40 አለ፣ 70 አለ፣ 88 አለ፣ 90 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ንቅንቅ የለም። በመጨረሻ የሰውየው ትዕግሥት ያልቅና Cancel የሚለውን ይጫናል። መስመሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መስኮቱም ይዘጋል። ከዚያ ዲስኩን ከፍቶ ሲያይ በቂ ቦታ አለ። «ይኸው ቦታ አለኝ፤ ታዲያ ምን ሆነ?» ይልና ሴትአፑን እንደገና ያስነሳል። እንደገናም 90 ላይ ይቆማል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የወረደው ፋይል ተበላሽቷል ብሎ ያስብና ብዙ ጊጋባይት እንደገና ያወርዳል። ከዚያ የባሰም አለ፤ ዊንዶውስን ከሥር አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚጭን አለ። ብዙውን ጊዜ ግን የፋይሉም የዊንዶውስም ጤንነት ደህና ነው። ችግሩ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ ዲስኩ በመሃል ሞልቷል፣ ጊዜያዊው ፎልደር አልቀበልም ብሏል፣ ወይም ሴትአፑ ሊጽፍበት የፈለገው ፋይል ወይም ድራይቭ ተቆልፏል። ሦስቱን መለየት የሚከብደው ስለተወሳሰቡ አይደለም። Cancel የተጫነ ጊዜ ማስረጃው አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በዊንዶውስ ላይ ያተኩራል።

## 90 በመቶ ማለት የምን 90 በመቶ ነው?

ሰው መስመሩን ሲያይ ሰዓት ያየ ይመስለዋል፤ ዘጠኝ እጅ አልቆ አንድ እጅ ቀረ ይላል። መስመሩ ግን ጊዜን አይለካም። የፋይሉንም መጠን በትክክል አይለካም። ሴትአፑን የሠሩት ሰዎች ሥራውን በደረጃ ከፍለው ለእያንዳንዱ ደረጃ ከመቶ የተወሰነ ድርሻ ሰጥተውታል፤ መስመሩ የሚከተለው ይህንኑ ድርሻ ነው።

ደረጃዎቹ በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ የታመቀው ፋይል ይፈታል። ቀጥሎ የተፈቱት ፋይሎች ፕሮግራሙ ወደሚቀመጥበት ፎልደር ይገለበጣሉ። ሁለቱ ከባድ ሥራዎች ስለሆኑ ከመስመሩ አብዛኛውን ይወስዳሉ። የቀረችው ትንሽ ድርሻ ለተቀላቀሉ ሥራዎች ትውላለች፦ ፕሮግራሙን በዊንዶውስ መዝገብ ማስመዝገብ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም የሚጋሯቸውን ደጋፊ ፋይሎች መጫን፣ ከበስተጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶችን ማስጀመር፣ አሮጌ ፋይሎችን በአዲስ መተካት፣ በመጨረሻም ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጽዳት።

የመጨረሻዎቹ ሥራዎች በመስመሩ ላይ ትንሽ ይምሰሉ እንጂ ከኮምፒውተሩ ጋር በቀጥታ የሚጋፈጡት እነሱ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ሴትአፑ በራሱ አዲስ ፎልደር ውስጥ ብቻውን ሲሠራ ነበር። አሁን ግን ዊንዶውስ የሚጠብቃቸውን ፎልደሮች ይነካል፤ ሌላ ፕሮግራም የያዛቸውን ፋይሎች ልቀይር ይላል፤ ፕሮግራሙ የት እንዲጫን ቢመረጥም የማይቀረውን የC ድራይቭ ቦታ ይጠይቃል። ስለዚህ እንቅፋት ካለ የሚገኘው በዚህች የመጨረሻ ስንዝር ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ። መስመሩ ቆመ ማለት ሁልጊዜ ሥራው ቆመ ማለት አይደለም። አንቲቫይረሱ በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ ፋይሎችን አንድ በአንድ እየመረመረ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ አያስደንቅም። የሚሠራውንና የቆመውን እንዴት መለየት እንደሚቻል ወደ ታች ይመጣል።

## ጊዜያዊ ፎልደር የሚባለው ምንድን ነው?

አዲስ የቤት ዕቃ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ ካርቶኑ የሚከፈተው ሳሎን ውስጥ ነው እንበል። ዕቃው የሚቀመጠው በጓዳ ነው፤ ጓዳውም ሰፊ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ ከካርቶን ወጥቶ፣ ተፈትቶና ተዘርግቶ እስኪገጣጠም ድረስ የሚያርፈው ሳሎን ላይ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ ጓዳው ባዶ ቢሆንም ሥራው ይቆማል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ካርቶኑ ተጠርጎ ሲወጣ ደግሞ ሳሎኑ እንደ ድሮው ሰፊ ይሆናል፤ በኋላ የመጣ እንግዳ ያን ያህል ዕቃ እዚያ ተዘርግቶ ነበር ቢሉት አያምንም።

በዊንዶውስ ሳሎኑ TEMP ይባላል። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ አለው፤ አድራሻው `C:\Users` ሥር በተጠቃሚው ስም ፎልደር ውስጥ `AppData\Local\Temp` ነው። ለማየት የዊንዶውስን ቁልፍ ከR ጋር ተጭኖ `%TEMP%` ብሎ መጻፍና Enter መጫን ይበቃል። ሥርዓቱ ራሱ የሚጠቀምበት ሌላ ደግሞ አለ፤ እሱም `C:\Windows\Temp` ነው። ልብ ማለት የሚገባው፣ ማንም ካልቀየራቸው በስተቀር ሁለቱም ያሉት C ላይ መሆኑን ነው።

## D ላይ እንዲጫን መርጬ C ለምን ሞላ?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ አንድ ምሳሌ በቁጥር እንከተል።

አንድ ኮምፒውተር C ላይ 9.4 ጊጋባይት፣ D ላይ 180 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለው። የሚጫነው የንድፍ ፕሮግራም ሲወርድ 5.2 ጊጋባይት ነው፤ የተቀመጠውም D ላይ ነው። ሲፈታ 8.1 ጊጋባይት ይሆናል። ባለቤቱ C ጠባብ መሆኑን ስለሚያውቅ ሴትአፑ «የት ልጫን?» ሲለው በጥንቃቄ D ብሎ መረጠ። ሴትአፑም D ላይ 8.1 ጊጋባይት መኖሩን አረጋገጠና «በቂ ቦታ አለ» ብሎ ቀጠለ።

መፍታቱ ሲጀመር ፋይሎቹ የሄዱት ወደ D አይደለም። ወደ TEMP፣ ማለትም ወደ C ነው። C ከ9.4 ወደ 7፣ ወደ 4፣ በመጨረሻ ወደ 1.3 ወረደ። ይህ ሁሉ ሲሆን መስመሩ ገና 35 በመቶ አካባቢ ነበር። ከዚያ ወደ D መገልበጥ ተጀመረ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ C ግን 1.3 ላይ እንዳለ ቆየ። መስመሩ 90 ደረሰ።

አሁን የመጨረሻው ስንዝር መጣ። ዊንዶውስ የመጫኛውን ጥቅል ቅጂ `C:\Windows\Installer` ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወደፊት ፕሮግራሙን ለመጠገን ወይም ለማውጣት ይፈልገዋልና። ደጋፊ ፋይሎቹም የራሳቸው ትናንሽ ሴትአፖች አሏቸው፤ እነሱም መጀመሪያ TEMP ውስጥ ተፈትተው ከዚያ C ላይ ይጫናሉ። የሚተኩ አሮጌ ፋይሎች ካሉም ነገሩ ቢበላሽ ወደነበረበት ለመመለስ `Config.Msi` በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። በእኛ ምሳሌ ይህ ሁሉ ሲደመር ከ1.3 ጊጋባይት አለፈ። C ወደ 600 ሜጋባይት ወረደ፣ ከዚያ ወደ 40፣ ከዚያ አለቀ።

ጥሩ ሆኖ የተሠራ ሴትአፕ በዚህ ጊዜ «ዲስኩ ሞልቷል» ብሎ ይናገራል። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርግም። አንዳንዱ መልእክቱን ከዋናው መስኮት ጀርባ ይከፍተውና ሰው ሳያየው ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ያንኑ ፋይል ለመጻፍ ደጋግሞ ይሞክራል። ሰውየው የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 90 በመቶ።

Cancel ሲጫን ሴትአፑ የፈታውን ሁሉ ከTEMP ያጠፋል፤ C ወደ 9.4 ጊጋባይት ይመለሳል። ባለቤቱ ዲስኩን የሚለካው ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን። የለካው ቁጥር እውነት ነው፤ ግን የሌላ ሰዓት እውነት ነው።

የዚህን ጥፋት ለተጠቃሚው መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። «D ላይ በቂ ቦታ አለ» ብሎ ያረጋገጠ ሴትአፕ በC ላይ ምን ያህል እንደሚዘረጋም ሊናገር ይገባው ነበር። ያ እስኪሆን ድረስ ስሌቱን ራስዎ ይሥሩ። ፕሮግራሙ የሚጫነው C ላይ ከሆነና የወረደውም ፋይል እዚያው ካለ የሚያስፈልገው ከተጫነው መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፦ የወረደው 5.2፣ የተፈታው 8.1፣ የተጫነው 8.1፣ በድምሩ 21.4 ጊጋባይት። ለደጋፊዎቹ የሚሆን ሁለት ጊጋባይት ገደማ ይጨመርበት። አንዳንድ ሴትአፖች የተፈቱትን ፋይሎች እንደገና ከመገልበጥ ይልቅ በቀጥታ ያዛውራሉ፤ ያኔ ከዚህ ያነሰ ይበቃል። ግን የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከውጭ ስለማይታወቅ በትልቁ ማሰብ ይሻላል።

## መስመሩ ቆሞ ሳለ ምን ልመልከት?

ከሁሉ በፊት Cancel አይጫኑ። ሴትአፑ ቆሞ ሳለ ብዙ የሚናገረው ነገር አለ፤ ከዘጉት ግን ዝም ይላል።

መጀመሪያ Alt እና Tab ተጭነው የተከፈቱትን መስኮቶች ይዩ። ከጀርባ የተደበቀ መልእክት ካለ እዚያ ይገኛል። ቀጥሎ This PC ከፍተው የC ድራይቭን ባዶ ቦታ ይመልከቱ፤ F5 ሲጫኑ ቁጥሩ ይታደሳል። ሜጋባይት ውስጥ ከገባ ወይም ዜሮ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ መልሱ ተገኝቷል።

C ላይ ብዙ ቦታ ካለ Task Manager ይክፈቱ። Ctrl፣ Shift እና Esc አንድ ላይ ሲጫኑ ይመጣል። እዚያ የዲስኩንና የሴትአፑን እንቅስቃሴ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይከታተሉ። ዲስኩ የሚያነብና የሚጽፍ ከሆነ ወይም አንቲቫይረሱ ከላይ ተቀምጦ ከታየ ሥራው እየሄደ ነውና ይጠብቁ። ሁሉም ዜሮ ላይ ተኝቶ ከሆነ ሴትአፑ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው፤ የሚጠብቀውም ብዙ ጊዜ የተያዘ ፋይል ነው።

ዲስኩ ሞልቶ ከተገኘ ሴትአፑ ሳይዘጋ ቦታ ማስለቀቅ ይቻላል። Recycle Bin ይጸዳ፤ Downloads ውስጥ ያለ ትልቅ ቪዲዮ ወደ D ይዛወር። የስህተት መልእክቱ Retry የሚል ቁልፍ ካለው ያን ሲጫኑ ሥራው ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል፤ 90 በመቶው ሳይባክን ይቀራል። በዚህ መሃል ግን TEMP ውስጥ ገብተው አዲሶቹን ፋይሎች አያጥፉ። በዚያ ሰዓት እዚያ የተዘረጋው የሴትአፑ የራሱ ዕቃ ነው።

ሌላም አደገኛ ምክር ይዘዋወራል፤ `C:\Windows\Installer` ትልቅ ስለሆነ አጥፉት የሚል። አያጥፉት። ፎልደሩ በእርግጥ ብዙ ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል። ግን ቀድሞ የተጫኑ ፕሮግራሞች ሲታደሱ ወይም ሲወጡ የሚፈልጉት ጥቅል እዚያ ነው ያለው። እሱ ከጠፋ ዛሬ ቦታ ይገኛል፤ ከወራት በኋላ ግን አንድ ፕሮግራም አልታደስም፣ አልወጣምም ይላል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም። ቦታ ሲያስፈልግ Settings ውስጥ System፣ ከዚያ Storage፣ ከዚያ Temporary files ብለው ቢገቡ ዊንዶውስ ራሱ ሊጠፋ የሚችለውን ለይቶ ያሳያል።

## ቦታ እያለ TEMP አልቀበልም ሊል ይችላል?

ይችላል። ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ምክንያት ይህ ነው።

አንድ ፕሮግራም ጊዜያዊ ፋይል ሲፈልግ «ማንም ያልያዘው ስም ስጠኝ» ብሎ ዊንዶውስን ይጠይቃል። ለዚህ የሚያገለግለው የቆየ መንገድ `GetTempFileName` ይባላል። እሱ የሚሰጠው ስም ጥቂት ፊደላት ከፊት፣ ቀጥሎ ቢበዛ አራት አሃዝ የሆነ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 9 እና ከA እስከ F ባሉ ምልክቶች የሚጻፍ በመሆኑ በአንድ ፎልደር ውስጥ በአንድ ዓይነት መነሻ ፊደላት ሊገኙ የሚችሉት ስሞች 65,535 ብቻ ናቸው። ከዚያ በላይ ስም የለም። ዲስኩ ላይ መቶ ጊጋባይት ባዶ ቢሆንም ስም ካለቀ ፋይሉ አይፈጠርም።

ይህን ያህል ፋይል ከየት ይመጣል? ጊዜያዊ ፋይል ፈጥሮ ሳያጠፋ ከሚሄድ ፕሮግራም ነው። በየደቂቃው አንድ ባዶ ፋይል ጥሎ የሚሄድ ፕሮግራም ቀንና ሌሊት ከሠራ በ46 ቀን ገደማ ስሞቹን ይጨርሳል። ፋይሎቹ ባዶ ስለሆኑ ቦታ አይይዙም፤ ዲስኩን የሚመለከት ሰው ምንም አይታየውም። ምልክቱ ሌላ ነው። ስሞቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ ዊንዶውስ ነፃ ስም ለማግኘት የተያዙትን እየዘለለ መፈለግ አለበትና ሥራው ይንቀራፈፋል። ከዚያ ጨርሶ ይቆማል። TEMP ፎልደር ሲከፈትም ለመታየት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ከመስኮቱ ግርጌ የሚጻፈው የፋይል ብዛትም በአሥር ሺዎች ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን Restart አድርገው ሌላ ፕሮግራም ሳይከፍቱ TEMP ውስጥ ያለውን ሁሉ መርጠው ያጥፉ። አንዳንዱ «ተይዟል» ይላል፤ Skip ብለው ያልፉታል። ፎልደሩን ራሱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ብቻ ያጥፉ።

TEMP የመጻፍ ፈቃድ በማጣትም ሊዘጋ ይችላል። አንድ ሰው TEMPን ወደ ሌላ ድራይቭ አዛውሮ ከነበረና ያ ድራይቭ በኋላ ከተነቀለ ወይም ፊደሉ ከተቀየረ፣ አድራሻው ወደሌለ ቦታ ይጠቁማል። የዊንዶውስ ጫኝ ለዚህ የራሱ ቁጥር አለው፤ 1632 ነው። ትርጉሙም TEMP ያለበት ድራይቭ ሞልቷል ወይም አይደረስበትም ማለት ነው።

## TEMPን ለጊዜው ወደ D መውሰድ ይቻላል?

ይቻላል፤ C ለጠበበበት ሰው ከሁሉ የሚሻለው መንገድም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የኮምፒውተሩን አቀማመጥ ለዘለቄታው መቀየር ሳያስፈልግ ለአንድ መጫን ብቻ ሳሎኑን ወደ ሰፊው ክፍል ማዛወር ማለት ነው። Start ላይ cmd ብለው ይጻፉና Run as administrator በሚለው ይክፈቱ። ከዚያ፦

```
mkdir D:\T
set TEMP=D:\T
set TMP=D:\T
D:\setup.exe
```

በመጨረሻው መስመር የራስዎን ሴትአፕ ስምና አድራሻ ይተኩ። ሁለቱንም ስሞች መቀየር ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም TEMPን፣ ሌላው TMPን ይጠይቃልና። ፎልደሩ አጭር ስም እንዲኖረው ያደረግሁትም በምክንያት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሙሉ አድራሻው ከ260 ፊደል ሲበልጥ ይቸገራሉ፤ ሴትአፖች ደግሞ ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየደራረቡ ነው የሚፈቱት።

መስኮቱ ከመጀመሪያው በአስተዳዳሪ ፈቃድ መከፈት አለበት። በተራ መስኮት ተጽፎ ሴትአፑ በመሃል ፈቃድ ከጠየቀ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ያስነሳዋል፤ የጻፉት አድራሻ አብሮት ላይሻገር ይችላል። ብዙዎች «ሞክሬው አልሠራም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሴትአፑ ከሠራ በኋላ ጥቁሩ መስኮት ሲዘጋ TEMP ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል።

ወሰንም አለው። `C:\Windows\Installer` የሚፈልገው ቦታና ደጋፊዎቹ የሚጫኑበት ቦታ አሁንም C ላይ ነው። C ጨርሶ ከሞላ ይህ ዘዴ አያድንም። ትእዛዙን ችላ ብሎ በራሱ በመረጠው ቦታ የሚፈታ ሴትአፕም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ መፍታቱ ሲጀመር D:\T ውስጥ ፋይል እየገባ መሆኑን አንድ ጊዜ አይቶ ማረጋገጥ ይበቃል።

## «ተቆልፏል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በዚህ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያውና በብዛት የሚያጋጥመው የተያዘ ፋይል ነው። ሴትአፑ አሮጌውን ፋይል በአዲስ ሊተካ ሲል ሌላ ፕሮግራም ከፍቶት ያገኘዋል። ምናልባት የዚያው ፕሮግራም የቀድሞ ዝርያ ከሰዓቱ አጠገብ ባለችው ጥግ ተደብቆ እየሠራ ነው። ወይም አንቲቫይረሱ ይዞታል። የስህተቱ ቁጥር 32 ነው። ማን እንደያዘው ለማወቅ Resource Monitor ተከፍቶ CPU በሚለው ገጽ Associated Handles የሚለው ሳጥን ውስጥ የፋይሉ ስም ይጻፋል፤ የያዘው ፕሮግራም ስም ከሥሩ ይዘረዘራል። ያን ዘግቶ መቀጠል ነው።

አንዳንድ ጊዜ ያዡ ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ ያለፈ መጫን «ይህን ፋይል ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተኩልኝ» ብሎ ትቶት የሄደ ሥራ አለ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። Shut down ብሎ ማጥፋትና እንደገና ማብራት ሁልጊዜ አይበቃም። Fast startup የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ Shut down የሥርዓቱን እምብርት ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ እንዳለ ወደ ዲስክ ጽፎ ያስተኛዋል። ሲበራም የተኛው ይነቃል እንጂ አዲስ አይነሳም። የተቀጠረው ሥራ የሚፈጸመው Restart ሲደረግ ነው።

ሁለተኛው የተመሰጠረ ድራይቭ ነው። BitLocker የተደረገበት D ላይ የቁልፍ ሥዕል ይታያል። በይለፍ ቃል ተከፍቶ ስለነበር ሴትአፑ ያለ ችግር ሲጽፍበት ቆየ። መጨረሻ ላይ ግን ኮምፒውተሩ መነሳት አለበት አለ፤ ተነሳ። አሁን D እንደገና ተቆልፏል፤ ሴትአፑም የቀረውን ሊጨርስ ሲመጣ በሩ ዝግ ነው። ይህን በአስተዳዳሪ መስኮት `manage-bde -status D:` ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ Lock Status በሚለው መስመር ላይ Locked ካለ ምክንያቱ ያ ነው። D ተከፍቶ ሴትአፑ እንደገና ይነሳል።

ሦስተኛው መጻፍ የተከለከለበት ድራይቭ ነው፤ ጎኑ ላይ የመቆለፊያ ማብሪያ ያለው የሜሞሪ ካርድ ለምሳሌ። ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያስቆማል እንጂ 90 ድረስ አያስኬድም።

## ምንም መልእክት ካልሰጠ እውነቱ የት ይገኛል?

ብዙ ሴትአፖች የሠሩትን ሥራ መዝገብ ይጽፋሉ፤ ብዙ ጊዜም TEMP ውስጥ `.log` በሚል መጨረሻ ይቀመጣል። ፋይሉ `.msi` ከሆነ ደግሞ እንዲህ ብሎ መዝገቡን ማስጻፍ ይቻላል፦

```
msiexec /i D:\setup.msi /l*v D:\log.txt
```

መዝገቡ በሺህ የሚቆጠር መስመር ስላለው ከላይ ወደ ታች ማንበብ አያስፈልግም። በNotepad ተከፍቶ `Return value 3` የሚል ይፈለግ፤ ሥራው የወደቀበት ቦታ ያ ነው። ምክንያቱ የሚገኘው ከእሱ በላይ ባሉት ጥቂት መስመሮች ነው። እዚያ 112 ከተገኘ ዲስኩ ሞልቷል። 32 ከተገኘ ፋይሉ ተይዟል። 1632 ከሆነ TEMP ነው። መጨረሻ ላይ የሚወጣው 1603 ግን ለብቻው ምንም አይነግርም፤ «መጫኑ አልተሳካም» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውምና እሱን ይዞ መፍትሔ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ባለ 9.4 ጊጋባይቱ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር C ድራይቭን ከጎን ከፍቶ F5 እየተጫነ ጠበቀ። መስመሩ 90 ላይ ሲቆም ቁጥሩ ዜሮ ባይት ይል ነበር። ሴትአፑን ዘጋ፤ በጥቁሩ መስኮት TEMPን ወደ D:\T አዛወረና እንደገና አስነሳው። በዚህኛው ጊዜ 8.1 ጊጋባይቱ D:\T ውስጥ ተዘረጋ፤ C ግን 9.4 ላይ እንዳለ ቆየ። 90 ላይ ሲደርስ C መውረድ ጀመረ፤ 9.0 አለ፣ 8.5 አለ፣ 8.2 ላይ ቆመ። መስመሩ ሞላ። D:\T ውስጥ የቀሩትን ሁለት ትናንሽ ፋይሎች አጥፍቶ ፎልደሩንም ሰረዘው።